«ጮክ ብዬ አንብቤው ነበር፤ እንዴት አለፈኝ?»

«ሰላም ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ደብዳቤና ሪፖርት መጻፍ የቢሮ ሥራዬ ከሆነ ስምንት ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ ከእጄ ከወጣ በኋላ ስህተት ተገኘበት። ስልክ ሲጮህ ዋለ። አለቃዬ አልተቆጡኝም። በማግስቱ ግን ‹ከእንግዲህ የምትጽፊውን አዲሷ ልጅ እያየችው ይውጣ› አሉ። ልጅቷ ከተቀጠረች ገና ስድስት ወሯ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሳላርም ልኬው ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ እሱንም ሞክሬያለሁ። ፎንቱንም ቀይሬ አይቼዋለሁ። አንዱም አላዳነኝም። ጮክ ብዬ ሳነብ ጭራሽ ‹ጸሎት ጀመረች› እያሉ ይስቁብኛል። አንቀጹ እንደተላከ ይኸው፦

‹ሥልጠናውን የወሰዱት 48 ሠራተኞች (26 ሴቶችና 24 ወንዶች) የምስክር ወረቀታቸውን ከሰኞ ጀምሮ ከጽሕፈት ቤታችን መውሰድ ይችላል። ክፍያቸውን ያላጠናቀቁ ሰራተኞች ግን ክፍያው ሲፈጸም ወረቀቱ አይሰጣቸውም። ስለዚህ ይሁሉም የሥራ ክፍል ኃላፊዎች ኃላፊዎች የቀሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩልን እንጠይቃለን።›

እነዚህን ዘዴዎች እርግፍ አድርጌ ልተዋቸው? ወይስ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?»

— ዓይኗ የከዳት

እህቴ፣

አንቀጽሽን ገና ሳልጀምረው እስክሪብቶ አነሳሁ። የቆየ አመል ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አመሉ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስድስት ቦታ ላይ ምልክት አደረግሁ። ስድስት ስልሽ አትደንግጪ። ያገኘኋቸው ከአንቺ ስለምበልጥ አይደለም። የጻፍኩት እኔ ስላልሆንኩ ነው።

ዓይናችን ሲያነብ መስመሩ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድ ይመስለናል። እውነቱ ግን ይዘላል። አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሴኮንድ ያህል ያርፍና ወደሚቀጥለው ይዘላል። አጫጭር ቃላትን ብዙ ጊዜ ሳያርፍባቸው ነው የሚያልፋቸው። የተዘለለውን አእምሯችን ከሚያውቀው ይሞላዋል። የሌላ ሰው ጽሑፍ ሲሆን ቀድመን የምናውቀው ነገር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን ማየት ግድ ይለናል። የራሳችን ሲሆን ግን ምን እንደሚል እናውቀዋለን። ሰው ከራሱ ጽሑፍ ይልቅ የሌላውን ሲያርም የተሻለ እንደሚያገኝ በሙከራም ታይቷል። አንቺም ያነበብሽው ወረቀቱን ሳይሆን ሐሳብሽን ነው።

የሞከርሻቸው ሦስት ዘዴዎች ሁሉ ሥራቸው ይህንን ቀድሞ ማወቅ ማደናቀፍ ነው። ችግሩ እያንዳንዳቸው የሚይዙት ስህተት ይለያያል። አንዱ ጥርት አድርጎ የሚያሳይሽን ሌላው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ አትተያቸው። የትኛው ምን እንደሚይዝ ግን በራስሽ አንቀጽ ላይ እንየው።

ስልኩን ሲያስጮህ የዋለው «ሲፈጸም» የሚለው ቃል ይመስለኛል። «ሳይፈጸም» ማለት ፈልገሽ ነበር። እንደተላከው ከሆነ ግን የከፈለ ሰው ወረቀት አያገኝም። በጣም ክፉው የስህተት ዓይነት ይህ ነው፤ ምክንያቱም «ሲፈጸም» ደህና ቃል ነው። የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ማረሚያ ሶፍትዌር ቀይ አያሰምርበትም። ቃል በቃል ከኋላ ብታነቢው «አይሰጣቸውም፣ ወረቀቱ፣ ሲፈጸም፣ ክፍያው» ትያለሽ፤ ከአራቱ አንዱም ጆሮሽን አይቆረቁረውም። ፎንት ብትቀያይሪም ያው «ሲፈጸም» ነው። ይህን የሚይዘው ትርጉሙን እየሰሙ ማንበብ ብቻ ነው። ማለትም ጮክ ብሎ ማንበብ።

«ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ» ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ግን ልጠይቅሽ። ሰዎቹ መሳቅ ሲጀምሩ ድምፅሽ ዝቅ አላለም? ፍጥነትሽስ አልጨመረም? ከንፈርን እያንቀሳቀሱ ማነብነብና ጮክ ብሎ ማንበብ በጣም ይለያያሉ። ስናነበንብ አፋችን ዓይናችንን ተከትሎ ይዘላል። «ሳይ» መሆን ያለበትን «ሲ» ዓይንሽ አይቶት ቢሆን እንኳ አፍሽ «ሳይ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይህ በእኔም ብዙ ጊዜ ደርሷል። አፍ ታማኝ የሚሆነው ሲዘገይ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጊው። ደብዳቤውን አትሚው። የእስክሪብቶውን ጫፍ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር አድርጊ፤ ጫፉ ያልደረሰበትን ቃል አትጥሪ። ፍጥነትሽ ለሚጽፍ ሰው ቃል እየነገርሽ እንደምታጽፊው ይሁን። አራት ነጥብ ላይ ሙሉ በሙሉ ቁሚ። ከዚያ ከወረቀቱ ቀና በይና ዓረፍተ ነገሩ ምን እንዳለ በራስሽ አነጋገር ድገሚው፤ በተለይ «አይ»፣ «አል»፣ «ሳይ» ያለበት ወይም ሊኖርበት የሚገባ ሲሆን። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ላይ «ክፍያው ሲፈጸም አይሰጣቸውም… ከከፈሉ አይሰጣቸውም? እንዴ!» ማለትሽ አይቀርም ነበር። ይህ «እንዴ» የሚመጣው ቀና ስትዪ ነው። ዓይንሽ ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ ከሆነ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ተሻግረሽ ተረሳ።

የሚስቁብሽን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ላካፍልሽ። ስልክሽን ጆሮሽ ላይ አድርጊና አንብቢ። ስልክ ላይ ደብዳቤ የሚያነብን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ለብዙ ጊዜ የዳንኩት በዚህ ነው። ባዶ የስብሰባ ክፍል ካለማ ጭራሽ የተሻለ።

አሁን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር። «48 ሠራተኞች… መውሰድ ይችላል።» «ይችላሉ» መሆን ነበረበት። ቢሮ ውስጥ በሚጻፍ አማርኛ እንደዚህ የበዛ ስህተት ያለ አይመስለኝም። ማሰሪያ አንቀጻችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፣ መካከሉ ላይ ቅንፉም ቀኑም ቦታውም ይገባል፣ ግሡ ሲደርስ ባለቤቱ ተረስቷል። በአንቺ ዓረፍተ ነገር ቁጥሮቹን ጨምሮ በሁለቱ መካከል 11 ቃላት አሉ። ጆሮ ይህን ያህል ርቀት ሁልጊዜ አይዝም፤ ቀስ ብለሽ ብታነቢም ሊያመልጥሽ ይችላል። መላው ቀላል ነው። አንድ ጣት ባለቤቱ ላይ፣ ሌላ ጣት ግሡ ላይ አድርጊና ሁለቱን ብቻ አገናኝተሽ ጥሪያቸው፦ «ሠራተኞች ይችላል።» በቃ፣ ወዲያው ይጮሃል። ከሁለት መስመር በላይ በሆነ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይህን አድርጊ።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። መጀመሪያ «ማንኛውም ሠራተኛ… መውሰድ ይችላል» ብለሽ ጽፈሽ ኋላ ወደ «48 ሠራተኞች» ለውጠሽው ነበር? ከሆነ ስህተቱ የመጣው ከመጻፍ ሳይሆን ከማስተካከል ነው። ግማሹን እናስተካክላለን፣ ግማሹ ከአሮጌው ይቀራል። ስለዚህ አንዲት ቃል በነካሽ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ አራት ነጥቡ እንደገና አንብቢው። ከመላኩ አንድ ደቂቃ በፊት የተደረገ «ትንሽ ማስተካከያ» ብዙ ሰው አሳፍሯል።

ጆሮ ጭራሽ የማይሰማው ነገርም አለ። መጀመሪያ «ሠራተኞች» ብለሻል፣ ቀጥሎ «ሰራተኞች»። ሁለቱንም ብትጠሪያቸው ድምፃቸው አንድ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ፤ እነዚህን መቶ ጊዜ ጮክ ብለሽ ብታነቢ አንድም ነገር አትሰሚም። በአማርኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ትልቁ ቀዳዳው እዚህ ነው። ይህን ለማሽኑ ስጪው። `Ctrl+F` ተጫኝና «ሰራተኛ»ን ፈልጊ፣ ከዚያ «ሰራተኞ» ብለሽ ድገሚ። የተገኘውን ወደ መረጥሽው አጻጻፍ እያየሽ ቀይሪ። ፊደሉን ብቻውን ግን በጅምላ እንዳትቀይሪ፤ ሰን ሁሉ ሠ ካደረግሽ «ሰው»ም «ሰኞ»ም አብረው ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ የምታምታቻቸውን ቃላት ደብተር ላይ ያዢ። አሥር አይሞሉም፤ ሁላችንም የምንሳሳተው በዚያው በዚያው ነው።

ወደ ኋላ ማንበብን እንዴት አደረግሽው? ብዙ ሰው ከመጨረሻው ቃል ጀምሮ ቃል በቃል ይመለሳል። ያ የሚጠቅመው ለፊደል ግድፈት ብቻ ነው። «ይሁሉም» የሚለውን ተመልከቺ። በላቲን ቁልፎች ስንጽፍ ተነባቢውን ተጭነን አናባቢዋን ከዘለልን ሳድሱ ይመጣል፤ «የ» ልንል «ይ»፣ «ተ» ልንል «ት» ይሆናል። ወደ ፊት ስታነቢ «ስለዚህ» የሚለው እየገፋሽ ታልፊዋለሽ። ከኋላ ስትመጪ ግን «ይሁሉም» ብቻውን ይቆማል፤ የሚገፋሽ የለም። ጥቅሙ ይኸው ነው። ግን ከአንድ ገጽ በላይ ቃል በቃል ወደ ኋላ ማንበብ ያደክማል፣ የደከመ ዓይን ደግሞ ምንም አያይም።

እኔ የምመርጠው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ መሄድን ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን፤ እንዲያ እያልሽ እስከ ርዕሱ። ባዶ ወረቀት ይዘሽ የቀረውን ብትሸፍኚው ደግሞ ዓይንሽ አይሸሽም። ዓረፍተ ነገሩ ትርጉሙን አያጣም፣ ነገር ግን የሐሳቡ ፍሰት ይበጠሳል። ሌላም ጥቅም አለው። ሁልጊዜ ከላይ ስለምንጀምር መጨረሻው ላይ የምንደርሰው ደክሞን ነው፤ በዚህ መንገድ መጨረሻው ትኩስ ዓይን ያገኛል። ጉድለቱም ይታወቅ፦ አንቀጹ ከላይኛው ጋር መያያዙን ወይም አንድ ነገር ሁለቴ መባሉን አያሳይሽም።

ፎንትን በተመለከተ ምናልባት የማትወጂው ነገር ልናገር። የፎንት መልክ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ዋናው የሚለወጠው መስመሩ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። «ኃላፊዎች ኃላፊዎች» እንዴት አለፈሽ? አንዱ የመስመሩ መጨረሻ ላይ፣ ሁለተኛው የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ የነበሩ ይመስለኛል። ዓይን ከመስመር መጨረሻ ወደ መጀመሪያ ሲመለስ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ አያስተውልም። ፎንት ቀይረሽ መጠኑንና የገጹን ስፋት እንደነበሩ ከተውሻቸው መስመሮቹ እዚያው አካባቢ ሊቆረጡ ይችላሉ። ስለዚህ በ `Nyala` 12 ጽፈሽው ከሆነ ኮምፒውተርሽ ላይ ካለ ወደ `Noto Sans Ethiopic` ቀይሪና መጠኑን 16 አድርጊው። የግራና የቀኝ ኅዳጉን አስፊና ጽሑፉ ጠባብ ዓምድ ይሁን። በአንድ መስመር ላይ አምስት ስድስት ቃል ብቻ ሲቀር ሁለቱ «ኃላፊዎች» ጎን ለጎን የመውደቅ ዕድላቸው ይጨምራል። ፊደሉም ስለሚተልቅ «የ»ን ከ«ይ»፣ «ተ»ን ከ«ት» መለየት ይቀላል።

ይህን ስታደርጊ በቅጂው ላይ አድርጊው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ከሆነ ፎንቱን ስትነኪው አማርኛው ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሊቀየር ይችላል፤ ምክንያቱም ውስጡ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፣ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ነው። ሌላው ደግሞ እርማቱን ዋናው ሰነድ ላይ አስገቢው። ቅጂውን አርሞ ዋናውን መላክ ያለ ነገር ነው፤ እጄ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ።

ስድስተኛው ስህተት የቀረው ቅንፉ ውስጥ ነው። 26 ሲደመር 24 50 ነው፤ 48 አይደለም። ይህን ድምፅም፣ ወደ ኋላ ማንበብም፣ ፎንትም አይነግሩሽም። ቁጥርን ከጽሑፉ ለይተሽ ለብቻው እዪ። ደምሪው፤ ከመጣበት ዝርዝር ጋር አስተያዪው። ረጅም ቁጥር ሲሆን አንድ አንድ አኃዙን ጥሪው፤ «ሦስት፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ አራት» እያልሽ። በጅምላ ስትጠሪው 3704ን 3740 ማለት ቀላል ነው።

በነገራችን ላይ ርዕሱንም አትርሺ። እኔ አራሚ በነበርኩበት ጊዜ አንድ መጽሔት ሙሉውን ሦስት ሰዎች አርመነው ሽፋኑ ላይ ያለው ርዕስ አንድ ፊደል ጎድሎት ወጣ። ከሁሉም የተለቀው ጽሑፍ እሱ ነበር። ሦስታችንም ሌላው አይቶታል ብለን ነበር።

«ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ?» እንዳትዪኝ። ለባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሩብ ሰዓት ቢወስድብሽ ነው። ጽፈሽ እንደጨረስሽ ግን አትጀምሪ፤ ሌላ ሥራ ሠርተሽ ተመለሺ፤ ከተቻለ ነገ ጠዋት። መጀመሪያ ሰፋ ባለ ፊደል በቅጂው ላይ ጮክ ብለሽ፣ ቀጥሎ ቁጥሮቹን፣ በመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ። ለ 40 ገጽ ሪፖርት ይህ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። እዚያ ርዕሶቹን፣ ስሞቹን፣ ሠንጠረዦቹን፣ ማጠቃለያውንና ከመላክሽ በፊት የነካሻቸውን ዓረፍተ ነገሮች ምረጪ። የቀረውን አንድ ጊዜ ቀስ ብለሽ አንብቢ። አንዳንድ ነገር ያመልጣል፤ ከእኔም ያመልጣል።

ስለ አዲሷ ልጅ። እንደተዋረድሽ ተሰምቶሻል፤ ስምንት ዓመት በሠራሽበት ወንበር ላይ ስድስት ወር የሠራች ልጅ ስትመጣብሽ ማን ደስ ይለዋል? ግን አለቃሽ ሳያውቁት የሰጡሽ ነገር አለ፦ ደብዳቤውን ያልጻፈ ዓይን። ድሮ በማተሚያ ቤት አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን ይከታተላል፤ ከጥንትም ብቻ ለብቻ ማረም ብቸኛው መንገድ አልነበረም። ልጅቷ ከኋላሽ እየመጣች ስህተት ከምትለቅም ለምን ወደ ፊትሽ አታመጫትም? እሷ ታንብብ፣ አንቺ ተከታተዪ። እሷ ሐሳብሽን ስለማታውቅ የተጻፈውን ነው የምታነበው። ስትደናቀፍ አታርሚያት፣ ቦታውን ምልክት አድርጊበት። አማርኛ ሲጻፍ ማጥበቅና ማላላት አይታይም። «ይሰማል» ስትጽፊ እሱ ይሰማ ወይም ወሬው ይሰማ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው፤ ራስሽ ስታነቢው ትክክለኛውን ድምፅ ከራስሽ ትጨምሪበታለሽ። እሷ በተሳሳተው ካነበበችው ሌላውም አንባቢ እንዲያ ሊያነበው ይችላል።

ለመጀመር ያንኑ የፈረደበት አንቀጽ ስጫት። እንዳለ፣ ሳታርሚው፣ ምንም ሳትነግሪያት። እስክሪብቶሽን ይዘሽ ተቀመጪ። «ክፍያው ሲፈጸም» ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ታልፈው እንደሆነ ወይም ቀና ብላ ታይሽ እንደሆነ ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔም ለማወቅ ጓጉቻለሁ።